የኡርሹሌ ምላስ

ኡርሹሌ ምላሷ የሞተባት በየካቲት፣ በረዶው እስከ መስኮቱ ደፍ በተቆለለበት ሰሞን ነው። አሥራ አንድ ቀን በትኩሳት ተኝታ ከረመችና በአሥራ ሁለተኛው ተነስታ ለላሟ ድርቆሽ ሰጠች፣ አለበች፣ ወደ ቤት ገብታ ከስልባቦቱ አንድ ማንኪያ ጎረሰች። ምንም የለም። ቀዝቃዛ መሆኑን አወቀች፣ ወፍራም መሆኑን አወቀች፣ ጣዕም የሚባል ነገር ግን አጣችበት። ነጭ ሽንኩርት ገምጣ አኘከች፤ አፏን ለበለባት እንጂ አልሸተታትም። ጨው ላሰች፤ አሸዋ ሆነባት።

ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የኡርሹሌ ነገር ግን ለየት ይላል። የኅብረት እርሻው ሳይፈርስ በፊት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በወተት መረከቢያው ደጃፍ ቆማ የመንደሩን ወተት በማንኪያ እየቀመሰች «ይግባ»፣ «ይመለስ» ስትል የኖረች ሴት ናት። መሣሪያ የሚባል ነገር ነበረ፣ ከከተማ የመጣ፣ በሣጥን የተቀመጠ። ማንም ሣጥኑን ከፍቶት አያውቅም። ላሚቱ ትናንት ምን እንደጋጠች፣ ባልዲው በምን ጨርቅ እንደተወለወለ፣ አላቢዋ ወተቱን ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ረስታ እንዳቆየችው ኡርሹሌ በአንድ ማንኪያ ትናገር ነበር። ስሟንም ትተው «ምላስ» ይሏት ነበር፤ በፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ።

እርሻው ፈረሰ፣ ባሏም ሞተ፣ የቀረቻት አንዲት ዝንጉርጉር ላም ናት፤ ማርጌ ትባላለች። ከማርጌ በሚገኘው ወተት ቅዳሜ ቅዳሜ ቴልሺያይ በምትባለው ከተማ ገበያ ሦስት ጣሳ ይዛ ትቀመጣለች፦ ትኩስ ስልባቦት፣ የኮመጠጠ ስልባቦት፣ አሬራ። የከተማው ሴቶች ገና ከአውቶቡስ ስትወርድ «እትዬ ኡርሹሌ መጡ» እያሉ ይሰለፋሉ። ለምን? ኡርሹሌ ሸጠችው ማለት ኡርሹሌ ቀምሳዋለች ማለት ነዋ።

ስለዚህ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም። በተለይ ልጇ ቪልማ እንዳትሰማ። ቪልማ የምትኖረው በወደቡ ከተማ በክላይፔዳ ነው፤ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ናት፤ እናቷንም እንደ ተሰፋ ልብስ እያገላበጠች እንከን መፈለግ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ። ሐሳቧ የታወቀ ነው፤ ማርጌ ትሸጥ፣ ቤቱ ይቆለፍ፣ እናትዬው ክላይፔዳ ገብታ አምስተኛ ፎቅ ላይ ትቀመጥ። ኡርሹሌ አምስተኛ ፎቅ ላይ! እንደ እርግብ! አንድ የደከመ ነገር ከታየባት ክርክሩ እዚያው ያበቃል፤ ይህን ኡርሹሌ አሳምራ ታውቃለች።

ፀደይ ሲገባ ታዲያ ያለ ምላስ መሥራትን ተማረች። ሰው ሁሉ ስልባቦት፣ ስልባቦት ይላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ ስም የሚጠቀለል አይደለም። ትኩሱ ስልባቦት ከሁሉ የሚቀለውም የሚያታልለውም እሱ ነው። ወተቱ ገና የላሟ ሙቀት ሳይለቀው መለያ ማሽኑ ላይ ይፈሳል፣ እጀታው ይሽከረከራል፤ በአንዱ አፍንጫ የቀለለው ወተት ይንፎለፎላል፣ በሌላው ስልባቦቱ በቀጭኑ ይወርዳል። በዚያው ቅጽበት ጣሳው ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ካልተንጠለጠለ አለቀለት። መኮምጠጥ ሲጀምር በዓይን አይታይም፤ ያው ነጭ ነው፣ ያው ይፈሳል። ድሮ ምላሷ ይነግራት ነበር። አሁን ግን ከፈላ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ ትጨምርበታለች። ውኃው ወጥ ሆኖ ከነጣ ደህና ነው፤ ብጥስጥስ ብሎ ከተንሳፈፈ ነገሩ ተበላሽቷል።

የኮመጠጠው ደግሞ በራሱ ጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ ብዙ የከተማ ሰው እንዲያ ይመስለዋል፣ ይሳሳታል። ያንኑ ትኩስ ስልባቦት ወስዳ ካለፈው ሳምንት ጥሩ ኮምጣጣ አንድ ሙሉ ማንኪያ እርሾ ታደርግበታለች፣ አንዴ ታማስለዋለች፣ ከዚያ ከምድጃው ራቅ ብሎ ሞቅ ካለ ቦታ አስቀምጣ አንድ ቀን ከነሌሊቱ አትነካውም። ሲረጋ ወደ ምድር ቤቱ ይወርድና ቅዝቃዜው ያጠብቀዋል። ይህን ለመፈተን ምላስ ምን ያደርጋል? ማንኪያ ይሳብበታል። የማንኪያው መንገድ ካልተደፈነ ደርሷል።

አሬራው ከዚያም በኋላ የሚመጣ ነው። ከሰሞኑ የተጠራቀመው ኮምጣጣ ስልባቦት መናጫው ውስጥ ይገባና ይናጣል። መጀመሪያ ዱላው ይከብዳል፣ ከዚያ ድምፁ ይለወጣል፤ እንደ ጭቃ ይል የነበረው ውኃ ውኃ ይላል። ቅቤው እንደ ስንዴ ፍሬ ተለይቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ፈሳሹ ይጠለላል፤ አሬራ እሱ ነው። ስቡን ለቅቤው አስረክቦ የወጣ ስለሆነ ቀጭን ነው፣ ብርጭቆው ላይ አይለጠፍም፤ ግን የቅቤ ፍርፋሪ አንዳንድ ቦታ ይዋኝበታል። የመንደሩ ሰው ከትኩስ ድንች ጋር የሚጠጣው ይህን ነው። ኮምጣጣው ለድንች ቂጣ፣ ትኩሱ ለእንጆሪ።

በዚህ ዓይነት መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦትና ሰኔም አለፉ። ደንበኛ አልጎደለም። ኡርሹሌ በልቧ ትንሽ ትንሽ መኩራት ጀምራ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በከንቱ ነው እንዴ ምላሴን ያደከምኩት እስከ ማለት ደረሰች።

በሐምሌ ቪልማ ለዕረፍት መጣች። የመጣች ዕለት እናቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ድንች ስትልጥ አገኘቻት፤ ከጎኗ የተጣደው ወተት ደግሞ አርሮ፣ ድስቱ ጠቁሮ፣ ቤቱ በቃጠሎ ሽታ ታፍኗል። ኡርሹሌ ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር አላየችም። ዓይኗን በጨው አጥባ «ሆን ብዬ ነው፣ ድስቱን ላፈካው ብዬ» አለች። ቪልማ መስኮቱን ከፈተች። በማግስቱ ሾርባው ሁለት ጊዜ ጨው ገብቶበት ቀረበ። ኡርሹሌ ሳህኗን ጨርሳ ደገመች።

በሦስተኛው ቀን ቪልማ ጎረቤትየዋን ባርቦራን ጠርታ ይዛት መጣች። ይኼኔ ኡርሹሌ ነገር እንዳለ ገባት። ባርቦራ አጥር ለአጥር የምትኖር፣ ገበያም ላይ ከጎኗ የምትቀመጥ ሴት ናት፤ ግን ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው። መረከቢያው በነበረ ጊዜ ኡርሹሌ በአንድ በጋ ብቻ የባርቦራን ወተት ሦስት ጊዜ በሰው ፊት መልሳባታለች። ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበረች። ለዚህ ነው ባርቦራ ያልረሳችላት፤ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ድሮ ይቅር ይባል ነበር።

ቪልማ እናቷን ጠረጴዛው ፊት አስቀመጠችና እንደ ሥራዋ ቁርጥ አድርጋ ተናገረች።

«እማ፣ ልጣላሽ አልመጣሁም። ሦስት ኩባያ አቀርብልሻለሁ፤ ትኩስ ስልባቦት፣ ኮምጣጣና አሬራ። ዓይንሽን በሻሽ አስረሽ ለይተሽ ትነግሪኛለሽ። ከለየሽ ማርጌም ትኖራለች፣ አንቺም እዚሁ ትኖሪያለሽ፤ ሁለተኛ ስለ ክላይፔዳ አላነሳም። ካልለየሽ ግን መኸር ሳይገባ ላሟን እሸጣለሁ።»

«ባርቦራስ ምን ልታደርግ መጣች?»

«ምስክር ናታ። ላንቺ ብላ የማትዋሽ ሰው በዚህ መንደር ከሷ ሌላ አላገኘሁም።»

ባርቦራ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ፊቷ ላይ ደስታ ይኑር አይኑር ኡርሹሌ መለየት አልቻለችም፤ ያለ ይመስላታል።

ኡርሹሌ እምቢ ማለት ትችል ነበር። እምቢታ ግን ራሱ መልስ ነው። «አምጡት» አለች፣ እንደ ድሮው በደረቅ ድምፅ።

ቪልማ የዚያ ቤት ልጅ ናት፣ ሞኝ አይደለችም። ከጉድጓድ የወጣው በቅዝቃዜው እንዳይታወቅ ብላ ሦስቱንም ከፊት ለፊት ክፍል ለአንድ ሰዓት አስቀምጣለች። ወፍራሙም በውፍረቱ እንዳይታወቅ ኮምጣጣውን በሹካ መትታ፣ በቀለለ ወተት አቅጥና እንዲፈስ አድርጋዋለች። የቀዳችው ባርቦራ ናት፤ ቪልማ ኩባያዎቹን ብቻ አቀያየረች። ከዚያ የገዛ እናቷን የእሁድ ሻሽ ዓይኗ ላይ ሁለት ዙር ጠቅልላ አሰረችው።

የመጀመሪያው ኩባያ እጇ ላይ ተደረገ። ኡርሹሌ ወደ ከንፈሯ አስጠጋችው፤ ሽታ የለም። ቀመሰች፤ ጣዕም የለም። አፏ ጨለማ ቤት ሆነባት። ቢሆንም ጨለማ ቤትም ቢሆን የራስ ቤት ከሆነ በዳበሳ ይገባል። አልዋጠችውም፤ በምላሷ ወደ ላንቃዋ ገፋችው። በረድ አለ፣ ጭምቅ ሲያደርጉት ጠፋ፣ አፏን ንጹሕ አድርጎ ተወው። ቅባት የለውም። እንደገና ትንሽ ወሰደች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነገር አገኘች፣ ስትጫናት ቀለጠች።

«አሬራ» አለች። «ትናንት የናጥኩት። ቅቤው በደንብ አልተጠለለም፣ ቸኩያለሁ።»

ሁለተኛው ቀረበ። ይኸኛው አፏ ውስጥ ተቀመጠ፣ ከላንቃዋ ላይ አልለቅም አለ። ስታሸው ቁርጥ ቁርጥ የሚል ልም ነገር አለው፤ የረጋ ነገር ተመትቶም ቢሆን የረጋ መሆኑን አይረሳም። ቅባት አለው፣ ግን ያጠረ ቅባት ነው፤ በመሀል ውኃ ነገር ገብቶበታል። ለአንድ አፍታ ተጠራጠረች፦ ይኼ ትኩስ ስልባቦት ሆኖ በወተት ቀጥኖ ቢሆንስ? ሦስተኛውን ሳትቀምስ መናገር አልፈለገችም። ቪልማ ግን «እሺ?» ብላ ጠየቀች።

«ኮምጣጣው ነው» አለች ኡርሹሌ። «አንቺ ደግሞ ውኃ አድርገሽ አበላሽተሽዋል።»

«ወተት ነው የጨመርኩት» አለች ቪልማ ቀስ ብላ።

ሦስተኛው ገና አፏ ሲገባ ተለየ። ያለ አንዳች መሰናክል ተንሸራተተ፣ ከንፈሯን ቀባው፣ ከዋጠችውም በኋላ ላንቃዋ ላይ እንደ ቀለጠ ቅቤ ለሰለሰ። ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። ኡርሹሌ ከሦስት ደቂቃ ፍርሃት በኋላ ስለሆነ ነው መሰለኝ ትንሽ አበዛችው። ከንፈሯን በምላሷ ዞር አደረገችና፦

«ይኼማ የዛሬ ጠዋቱ ትኩስ ስልባቦት ነው። ጣፋጭ! ከዚህ የተሻለ በዚህ ዓመት አልወጣኝም።»

ሻሹን ራሷ ፈታችው። ቪልማ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ተቆጣጣሪነቷ በንኖ የሰባት ዓመት ልጅ መሰለች። እናቷን አቀፈቻት፣ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ ክላይፔዳ ስለምትባል ከተማ ሁለተኛ ላታነሳ ማለች። ኡርሹሌም የዚያን ያህል ደስታ ከባሏ ሞት ወዲህ አልተሰማትም ነበር። እንዲህ ነው ሰው ሲያሸንፍ፤ ነገሩን ሁሉ ረስታ፣ ሞቶባት የነበረው ምላስ በእርግጥ የተነሳ መሰላት።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን እንጆሪ ነበረ። ቪልማ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሳህኑን ሳበችና ያቺን ሦስተኛዋን ኩባያ አነሳች፣ እንጆሪው ላይ ልታፈሰው። ባርቦራ ከቆመችበት ሁለት እርምጃ ተራምዳ ኩባያዋን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ይሄ የኔ ነው» አለች። «ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ስኖር ከዚህ ቤት አንድ ማንኪያ አልቀመስኩም።»

ቀና ብላ እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ኩባያዋ ትልቅ ነበረች። ኡርሹሌ የባርቦራ ጉሮሮ ሲወጣና ሲወርድ፣ ዓይኗም ውኃ ሲያቀርር አየች፤ ይህቺ ሴት ቅናት እያነቃት ነው ብላ አሰበች። ባርቦራ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ጣፋጭ ነው» አለች። «ልጄ፣ አንቺ እንጆሪሽን በኮምጣጣው ብዪው።»

ቪልማ እየሳቀች በኮምጣጣው በላች። ባርቦራ ሻይ ቢሏት አልቀመጥም ብላ ወጣች፤ ኡርሹሌ ለወጉ ያህል እስከ አጥሩ በር ሸኘቻት። እዚያ ሲደርሱ ባርቦራ ቆመች፣ ወደ ሣሩ ሁለቴ ሦስቴ ተፋች።

«ላምሽን ትናንት የት ነው ያሰርሻት?»

«ወንዙ ዳር። ላይኛው ሜዳ ደርቋልና።»

«ወንዙ ዳር አሪቲ መብቀሉን አላየሽም?»

ኡርሹሌ ክው አለች። አሪቲ የጋጠች ላም ወተቷ እንደሚመር ለሌላ ሰው ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። የኮመጠጠው ከሦስት ቀን በፊት የታለበ ወተት ነው፣ አሬራውም ከዚያ በፊት ከተጠራቀመ፤ ሁለቱም ማርጌ ላይኛው ሜዳ በነበረች ጊዜ የተገኙ ናቸው። የዛሬ ጠዋቱ ብቻ ነው የወንዙ ዳር ሣር ያለበት። እሱን ነው ከንፈሯን እየላሰች «ጣፋጭ» ያለችው።

«ሬት ነበር» አለች ባርቦራ። «ስቀዳ ጣቴን ነክቶኝ ቀመስኩት። ትተፊዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ሰው ሆኖ የማይተፋው የለም። ሳትተፊ ስትቀሪ… ገባኝ። ከመቼ ወዲህ ነው?»

ኡርሹሌ አጥሩን ያዘች። ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ ዋሽታ ዋሽታ የቀራት ነገር እንደሌለ አወቀች። «ከየካቲት» አለች። ያን ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው፤ አፏ ከተናገረው በኋላ አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰችም። ባርቦራ አጠገቧ ቆማ ወደ መንገዱ ታያለች፤ ማባበል የምታውቅ ሴት አይደለችም።

«ለምን አልተናገርሽም? በልጄ ፊት ብትናገሪ ሁሉ ነገር ያለቀ ነበር» አለች ኡርሹሌ በመጨረሻ።

«እኔ እንጃ» አለች ባርቦራ። «አንቺ ክላይፔዳ ብትገቢ እኔ በማን ልናደድ?» ቀጠለችም። «ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ልጅቷ ሳታይ ድፊው። ላሟን ዛሬውኑ አንሺያት። ቅዳሜ ደግሞ ወደ አውቶቡሱ ከመሄድሽ በፊት ጣሳዎቹን ይዘሽ እኔ ዘንድ ነይ። እቀምሳለሁ። መሮ ካገኘሁት ግን መሯል እልሻለሁ፤ አልሽኮረመምም።»

ኡርሹሌ ያን ቀን ምስጋና አልተናገረችም፤ ተነስታ ላሟን ልታነሳ ወደ ወንዙ ወረደች።

ቅዳሜ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ሦስት ጣሳ ይዛ የባርቦራን በር አንኳኳች። ባርቦራ ማንኪያ ይዛ ወጣች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አሬራውን ቀምሳ ራሷን ነቀነቀች። ኮምጣጣውን ቀመሰች፤ ግማሽ ቀን ይቀረው ነበር፣ ግን የከተማ ሰው አይለየውም አለች። የትኩሱን ክዳን አንስታ ማንኪያዋን ነከረች፣ ወደ አፏ ወሰደች፣ ዋጠች።

«ደህና ነው። ሂጂ ሽጪ» አለች።

ኡርሹሌ አልተነሳችም። ከሩቅ የመጀመሪያው አውቶቡስ ድምፅ ይሰማል፤ ባርቦራም ሰምታ የራሷን ጣሳዎች ማንጠልጠል ጀምራ ነበር።

«ባርቦራ» አለች ኡርሹሌ። «ምን ምን ይላል?»

«ምን?»

«ስልባቦቱ። ምን ምን ይላል? ንገሪኝ እስቲ።»

ባርቦራ ልትስቅ ነበር፤ ፊቷን አየችና ተወች። ጣሳዎቿን መልሳ አስቀመጠች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ እንደገና አንድ ማንኪያ ወሰደች። በዚህ ጊዜ አልቸኮለችም፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«መጀመሪያ ምንም አይልም» አለች። «ከዚያ ትንሽ ይጣፍጣል፤ እንደ ስኳር አይደለም፣ እንደ… ገና ያልበሰለ ለውዝ። ቆይ። ሣር አለበት፣ የላይኛው ሜዳ ሣር፣ ሦስት ቅጠል ያለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሞቅ ያለ ነገር ይመጣል፤ የላም ጎን ላይ ግንባርሽን አስደግፈሽ ስታልቢ የሚሸተው።»

«አዎ» አለች ኡርሹሌ። «አዎ፣ እሱ ነው።» ዓይኗን እሷም ጨፍናለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «በይ ቀጥዪ።»

አውቶቡሱ ቆሞ ጠበቃቸው፣ ጥሩንባ ነፋ፣ ሄደ። በሁለተኛው ሄዱ።